የቀዝቃዛ ውኃ መስመርን ማመጣጠን፦ ከሚስተካከል የግፊት ዒላማ ጋር የሚስማማው የትኛው ዘዴ ነው?

በአንድ የአዲስ አበባ ሆቴል የስብሰባ አዳራሹን የሚያቀዘቅዘው ኤር ሃንድለር ከፓምፕ ክፍሉ ሃያ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ይሁን እንጂ አዳራሹ በሰው በሞላ ቁጥር ውኃ የሚያጥረው እሱ ነበር። የጥገና ቴክኒሻኑ የመቆጣጠሪያውን ስክሪን እያሳየኝ፣ «ኢንጂነር፣ ቫልቩ መቶ በመቶ ተከፍቷል፤ የሚነፍሰው አየር ግን ከ17 ዲግሪ አልወርድ አለ» አለኝ። አየሩ መድረስ የነበረበት 13 ዲግሪ ነበር። ፓምፑ በዚያ ሰዓት ከሙሉ ፍጥነቱ 70 በመቶ ገደማ ላይ ሆኖ በጸጥታ ይሽከረከራል፤ ሞተሩ አልደከመም፣ ውኃው 7 ዲግሪ ነው፣ ስትሬነሩም በቅርቡ ተፈትቶ ታጥቧል። ቴክኒሻኑ ፓምፑን በእጅ ወደ ሙሉ ፍጥነት ሲያወጣው አዳራሹ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቀዘቀዘ።

ጥፋቱ የፓምፑም የቫልቩም አልነበረም። መስመሩ የተመጣጠነበት ዘዴና የፓምፑን ግፊት እንደ ጭነቱ የሚያስተካክለው ፕሮግራም እርስ በርስ ይቃረኑ ነበር። ሁለቱን የመረጡት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በግንባታው ጊዜ ቫልቮቹን አስተካክሎ ሪፖርቱን አስረክቦ ሄዷል፣ ሌላው ከዓመታት በኋላ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ፕሮግራሙን ጽፏል። ይህ መመሪያ የማመጣጠኛ ዘዴዎቹን የሚያወዳድረው በዚህ አንድ ጥያቄ ነው፦ የፓምፑ የግፊት ዒላማ ወደ ታች ሲወርድ እያንዳንዱ ዘዴ ምን ይሆናል?

መስመሩ እንዴት እንደሚሠራ

በባለሁለት መንገድ ቫልቭ የሚሠራ መስመር ላይ፣ በኤር ሃንድለሩ ውስጥ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኮይል የማይፈልገው ውኃ አይዞርም። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ቫልቩ ይጠባል፣ በጠቅላላው መስመር የሚያልፈው የውኃ መጠን ይቀንሳል፣ ፓምፑም በፍጥነት መቀየሪያው አማካይነት ይዘገያል። ፓምፑ ምን ያህል መዘግየት እንዳለበት የሚነግረው አብዛኛውን ጊዜ በመስመሩ ጫፍ፣ በመላኪያውና በመመለሻው ቱቦ መካከል የተተከለ የግፊት ልዩነት ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ የሚያነበው ልዩነት ከዒላማው ካነሰ ፓምፑ ይፈጥናል፣ ከበለጠ ይዘገያል።

ዒላማው ቋሚ ከሆነ ጫፍ ላይ ያለው ኮይል ሌሊት አንድ አሥረኛ ውኃ ብቻ በሚፈልግበት ሰዓትም ለሙሉ ጭነት የሚበቃውን ግፊት ያገኛል፤ ትርፉን ግፊት ቫልቩ በመጥበብ ያባክነዋል። ዒላማውን ማስተካከል ማለት የቫልቮቹን መክፈቻ እያዩ፣ ቢያንስ አንዱ ወደ ሙሉ ክፍት እስኪጠጋ ድረስ ግፊቱን ቀስ በቀስ ማውረድ ነው። የአሜሪካው አሽሬ 90.1 መስፈርትም በዲጂታል ቁጥጥር የሚሠሩ እንዲህ ያሉ መስመሮች ዒላማቸው በዚሁ መንገድ እንዲወርድ ያዛል፤ ከፍተኛው ዒላማም ለንድፉ ፍሰት ከሚያስፈልገው ከ110 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። እንደ አዲስ አበባ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ከተማ ውስጥ ያለ መስመር አብዛኛውን ዓመት የሚሠራው በከፊል ጭነት ስለሆነ፣ የሙሉ ጭነቱ ሁኔታ በዓመት ጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚታይ ነው። ማመጣጠን ግን በባህላችን የሚሠራው ለዚያው ለሙሉ ጭነት ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሆቴሉ መስመር በቁጥር

ንጽጽሩ እንዲጨበጥ የዚያን ሆቴል መስመር ቁጥሮቹን አጠጋግቼ አቀርባለሁ። በአንድ ቀጥ ያለ ዋና ቱቦ ላይ ስድስት ኤር ሃንድለሮች አሉ፤ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ዋት ያቀዘቅዛል። ውኃው በ7 ዲግሪ ወጥቶ በ12 ዲግሪ ስለሚመለስ እያንዳንዱ 4.8 ሊትር በሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። በዚህ ፍሰት ኮይሉ 25፣ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ቫልቭ 47፣ የቅርንጫፉ ቱቦና ስትሬነር 8 ኪሎ ፓስካል ይወስዳሉ፤ ስለዚህ አንድ ቅርንጫፍ በድምሩ 80 ኪሎ ፓስካል ይበቃዋል። ከመጀመሪያው ቅርንጫፍ እስከ መጨረሻው ያለው ዋና ቱቦ፣ መላኪያና መመለሻው ተደምሮ፣ በሙሉ ፍሰት 90 ኪሎ ፓስካል ይወስዳል። ከፓምፑ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ደግሞ 50 ነው።

እንግዲህ በሙሉ ጭነት ጫፍ ላይ 80 እንዲገኝ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በር ላይ 170 ኪሎ ፓስካል መኖር አለበት። የአዳራሹ ኤር ሃንድለር ያለው በዚህ በር ላይ ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ 90 ኪሎ ፓስካል ትርፍ አለው። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ቢከፈት ፍሰት ከግፊት ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ ከንድፉ 146 በመቶ ውኃ ይወስዳል ማለት ነው። ኮይሉ ግን በዚያ ሁሉ ውኃ የሚሰጠው ተጨማሪ ቅዝቃዜ ጥቂት ነው። ሰባት በመቶ ቢጨምር እንኳ ውኃው በ12 ዲግሪ መመለሱ ቀርቶ 10.7 ላይ ይመለሳል። ያን የ90 ኪሎ ፓስካል ትርፍ ማን ይብላው የሚለው ነው የማመጣጠን ጥያቄ፤ ምርጫዎቹ የሚለያዩት ለዚህ በሚሰጡት መልስ ነው።

በእጅ የሚስተካከል ባላንሲንግ ቫልቭ

በአገራችን በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ባለሙያው ሁሉንም መቆጣጠሪያ ቫልቮች ያስከፍታል፣ በባላንሲንግ ቫልቩ ሁለት መለኪያ ቀዳዳዎች ላይ ማኖሜትሩን ያገናኛል፣ ከዚያም የንድፉ ፍሰት እስኪገኝ ድረስ ያጠበዋል። በአዳራሹ ቅርንጫፍ ላይ ቫልቩ 90 ኪሎ ፓስካሉን በሙሉ እንዲበላ ተደርጎ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ስድስቱም ኤር ሃንድለሮች 100 በመቶ ይላሉ፣ በዚያች ሰዓት ይህ እውነት ነው።

አሁን የስብሰባውን ቀን እንመልከት። አዳራሹ ሙሉ ፍሰት ይፈልጋል፤ የተቀሩት አምስቱ ግማሽ ብቻ። ከአዳራሹ በኋላ ባለው ዋና ቱቦ የሚያልፈው ውኃ በግማሽ ሲቀንስ የግፊት ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 90 የነበረው 22 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። የጫፉ ዒላማ በከፍተኛው ጣሪያ በ80 ላይ ቢቆም እንኳ የአዳራሹ በር ላይ የሚገኘው 102 ብቻ ነው። የአዳራሹ ቅርንጫፍ ግን ከነባላንሲንግ ቫልቩ ለሙሉ ፍሰት 170 ይፈልጋል። ስለዚህ የሚያገኘው ፍሰት ከንድፉ 77 በመቶ ነው። መቆጣጠሪያ ቫልቩ መቶ በመቶ ተከፍቶ የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ ፕሮግራሙ ጥያቄውን ሰምቶ ዒላማውን እስከ ጣሪያው አውጥቶታል፣ ከዚያ በላይ ግን አልተፈቀደለትም። ጣሪያው ቢነሳለትም ዒላማው ወደ 148 መውጣት ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ የሌሎቹ አምስቱ ቅርንጫፎች ቫልቮች በከባድ ግፊት ላይ መጥበብ ይጀምራሉ፣ ለመቆጠብ የተጻፈውም ፕሮግራም ከቋሚ ዒላማ የባሰ አባካኝ ይሆናል።

የባላንሲንግ ቫልቩ ጉዳት ቋሚ መሆኑ ነው። ትርፍ ግፊቱ በጭነቱ ልክ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ቫልቩ ግን አንዴ በተቆለፈበት ይቀራል። ዒላማው ቋሚ ቢሆንም ይህ ችግር በከፊል አለ፤ ዒላማው ወደ ታች በሚስተካከልበት መስመር ላይ ግን ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ ዲጂታል ቁጥጥር ያለው፣ ቀስ በቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ ባለሁለት መንገድ ቫልቭ ያለው መስመር ላይ፣ በቅርብ ቅርንጫፎች ባላንሲንግ ቫልቭ ማጥበብን አልመክርም። ቫልቩ ተገጥሞ ከሆነ ተከፍቶ ለመለኪያነትና ለመዝጊያነት ያገልግል።

ለሆቴሉ ያደረግነው ይህንኑ ነው። የአዳራሹ ባላንሲንግ ቫልቭ ሁለት ዙር እንኳ ሳይሞላ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉን ፈትተን እስከ መጨረሻው ከፈትነው። ከዚያ በኋላ ለዚያው ጭነት አዳራሹ በሩ ላይ 80 ብቻ ስለበቃው የጫፉ ዒላማ ወደ 58 ኪሎ ፓስካል ወረደ፤ ለሌሎቹ አምስቱ በግማሽ ፍሰት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ፓምፑ ከበፊቱ ዘገየ፣ አዳራሹም ቀዘቀዘ።

ምንም አለማመጣጠን፣ ለመቆጣጠሪያ ቫልቩ መተው

ሁለተኛው ምርጫ ትርፍ ግፊቱን መቆጣጠሪያ ቫልቩ ራሱ እንዲበላ መተው ነው። የአየሩን ሙቀት የሚከታተል ቫልቭ ኮይሉ ከሚገባው በላይ ውኃ እንዲያልፍ አይፈቅድም፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይጠባል። ለብዙ ሰው ይህ ሥራን መሸሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ኤር ሃንድለሮች ብቻ ላሉበት መስመር የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። የሚጠይቀው ግን ሦስት ነገር አለ።

የመጀመሪያው የቫልቩ መጠን ነው። በዚህ መስመር የሚያስፈልገው ፍሰት በሰዓት 17.2 ሜትር ኩብ ነው፤ የፍሰት መለኪያ ቁጥሩ፣ ማለትም Kv፣ 25 የሆነ ቫልቭ 47 ኪሎ ፓስካል ይወስዳል። በመደብር የተለመደው ግን ቱቦው 65 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቫልቩንም 65 መግዛት ነው። የዚያ ቫልቭ ቁጥር 63 ከሆነ በሙሉ ፍሰት 7.5 ኪሎ ፓስካል ብቻ ይወስዳል፤ ከ170 ኪሎ ፓስካል ውስጥ ይህ ከ5 በመቶ በታች ነው። እንዲህ ያለ ቫልቭ ከተዘጋ ጥቂት ሲከፈት ብዙ ውኃ ያሳልፋል፣ ቀሪው መንገዱ ምንም አይለውጥም። ምልክቱ በስክሪኑ ላይ ይታያል፦ መክፈቻው በአምስትና በሃያ በመቶ መካከል እየዋለለ ይውላል። ቫልቭ የሚመረጠው በዚህ ስሌት ነው፤ ከቱቦው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ማነሱ ጤናማ ነው።

ሁለተኛው አክቹዌተሩ ነው። ባላንሲንግ ቫልቭ ስለሌለ መቆጣጠሪያ ቫልቩ በፓምፑ ሙሉ ግፊት፣ በዚህ ሕንፃ በ220 ኪሎ ፓስካል ላይ፣ ጥብቅ ብሎ መዘጋት መቻል አለበት። ካልቻለ ተዘግቷል እየተባለ ውኃ ያሾልካል። ይህን ለማወቅ ቫልቩን ዝጋ ብሎ ማዘዝ፣ አየር ማራገቢያውን ማጥፋትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከኮይሉ የሚወጣውን ቱቦ በእጅ መንካት ነው። ኢንሱሌሽኑ በተከፈተበት ቦታ ቱቦው ገና እንደ በረዶ ከቀዘቀዘና ጠል ካፈለቀ ውኃው እየሄደ ነው።

ሦስተኛው የጠዋት መነሻ ነው፤ የዚህ ምርጫ እውነተኛ ድክመት እዚህ ላይ ነው። ሕንፃው ሞቆ ሲያድር ሁሉም ቫልቮች በአንድ ጊዜ መቶ በመቶ ይከፈታሉ፤ ቅርቦቹ ድርሻቸውን አልፈው ይወስዳሉ፣ ጫፍ ያለው ይጠብቃል። ለቺለሮቹ የተለየ ፓምፕ ባለበት ሥርዓት ደግሞ ወደ ሕንፃው የሚሄደው ውኃ በቺለሮቹ ከሚያልፈው ሲበልጥ የመመለሻው ውኃ በማገናኛ ቱቦው በኩል ከመላኪያው ጋር ይቀላቀላል፤ 7 የነበረው 8 ወይም 9 ዲግሪ ሆኖ ይሄዳል፣ ሁሉም ኮይል ይዳከማል። መፍትሔው ቧንቧ ላይ መፈለግ የለበትም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የቅርቦቹን ቫልቮች ከፍተኛ መክፈቻ በፕሮግራም መገደብ ይበቃል። ለአዳራሹ ቫልቭ ሳሰላው፣ በ170 ኪሎ ፓስካል የንድፉን ፍሰት ብቻ የሚያሳልፈው በ86 በመቶ መክፈቻ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በመነሻ ሰዓት ጣሪያውን 85 በመቶ ማድረግና ከዚያ መልቀቅ የባላንሲንግ ቫልቩን ጥቅም ያለ ጉዳቱ ይሰጣል። ሌላው አማራጭ ከጫፉ ጀምሮ ኤር ሃንድለሮቹን በአሥር በአሥር ደቂቃ ልዩነት ማስነሳት ነው።

ግፊት የማይለውጠው መቆጣጠሪያ ቫልቭ

ሦስተኛው ምርጫ በአንድ አካል ውስጥ መቆጣጠሪያውንና የግፊት ማረጋጊያውን የያዘ ቫልቭ ነው። በበሩ ላይ ያለው ግፊት ቢወጣም ቢወርድም፣ በአምራቹ ከተጻፈው ዝቅተኛ ግፊት በታች እስካልሆነ ድረስ፣ ለአንድ መክፈቻ አንድ ፍሰት ይሰጣል። ትርፍ ግፊቱን በየቅጽበቱ ራሱ ስለሚበላ ዒላማው ሲወርድ ከባላንሲንግ ቫልቩ የተለየ ባህርይ ያሳያል፤ ማኖሜትር ይዞ መዞርም አያስፈልግም። ዋጋው ከተራው ቫልቭ ይበልጣል፣ ተለዋጭ ክፍሉም ከውጭ በትዕዛዝ የሚመጣ ነው። ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ደግሞ የብየዳ ፍርፋሪና ዝገት ይዘጋዋል፤ መስመሩ በደንብ ሳይታጠብ ከተገጠመ በመጀመሪያው ዓመት ችግር ያመጣል። በእኛ ግንባታዎች ላይ መስመር ማጠብ ብዙውን ጊዜ ለርክክቡ ቀን የሚተው ሥራ ነው፤ ይህን ቫልቭ የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ የማጠቢያ ማለፊያ መስመሩን በንድፉ ላይ ያስገባ።

ከዒላማ ማስተካከል ጋር ግን ብዙ ሰው የማያየው አንድ ወጥመድ አለው። ተራ ቫልቭ 95 በመቶ ሲከፈት «ግፊት አነሰኝ» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ግፊት ሲጨመርለት ፍሰቱ ይጨምራል። ይህኛው ግን ፍሰቱ በጣሪያው ላይ ተገድቦ 100 በመቶ ሲከፈት ግፊት ቢጨመርለት አንዲት ጠብታ አይጨምርም። ኮይሉ ቆሽሾ ወይም የአየሩ ዒላማ ከሚቻለው በታች ተቀምጦ ቫልቩ ሙሉ ከተከፈተ ፕሮግራሙ ዒላማውን እስከ ጣሪያ ያወጣዋል፣ እዚያም ያውለዋል፣ ማንም አይጠቀምም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቫልቭ ባለበት መስመር ጥያቄው የሚቆጠረው መክፈቻውን ብቻ አይቶ መሆን የለበትም፤ በቫልቩ ላይ ያለው ግፊት ከዝቅተኛው በታች መሆኑ በመለኪያ መረጋገጥ አለበት፤ መለኪያ ከሌለ ደግሞ የዒላማው ጣሪያ ለመጨረሻው ቫልቭ ዝቅተኛ ግፊት በሚበቃው ላይ በጥብቅ መቀመጥ አለበት።

ፋን ኮይል ካለ ነገሩ ይለወጣል

እስካሁን የተናገርኩት ቀስ በቀስ ስለሚከፈት ቫልቭ ነው። የሆቴል መኝታ ክፍሎች ፋን ኮይሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ የተከፈተ ወይ የተዘጋ ቫልቭ ነው ያላቸው። እንዲህ ያለ ቫልቭ በተከፈተ ቁጥር በሩ ላይ ያገኘውን ግፊት ሁሉ ወደ ፍሰት ይለውጠዋል፤ የሚቆጣጠረው የለም። «ለቫልቩ ተወው» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። መክፈቻው 0 ወይም 100 ስለሆነ ደግሞ የግፊት ማነስን አይናገርም፤ ዒላማውን በእሱ ጥያቄ ማስተካከል ትርጉም የለውም።

ለእነዚህ ክፍሎች የፍሰት ጣሪያ ያለው ነገር ያስፈልጋል። ከላይ የተጠቀሰው ግፊት የማይለውጠው ቫልቭ በትንሹ መጠኑ ጥሩ ነው። በውስጡ ስፕሪንግና ካርትሪጅ ያለው፣ ፍሰትን በአንድ ቁጥር ላይ የሚገድብ ቫልቭም ይረክሳል፤ የካርትሪጁ ቁጥር ግን ቋሚ ስለሆነ የክፍሉ ጭነት ሲቀየር ካርትሪጁም መቀየር አለበት። ሦስተኛው መንገድ በየፎቁ መግቢያ ላይ አንድ የግፊት ልዩነት ማረጋጊያ ቫልቭ ማድረግና በፎቁ ውስጥ ባላንሲንግ ቫልቮችን መጠቀም ነው፤ የፎቁ ግፊት ስለማይዋልል በእጅ የተስተካከለው ሚዛን እዚያ ውስጥ ይጸናል። ፎቁ በሙሉ አንድ ዓይነት ክፍሎች ካሉት ይህን እመርጣለሁ፤ የሚጠገነው ቫልቭ በፎቅ አንድ ብቻ ይሆናልና። መላኪያው ቅርብ የሆነለት ክፍል መመለሻው ሩቅ እንዲሆን መመለሻውን በተገላቢጦሽ መምራትም ለእንዲህ ያለ አግድም መስመር ይሆናል፤ ለተጨማሪው ቱቦ በጣሪያው ውስጥ ቦታ ካለ ማለት ነው።

ኤር ሃንድለርና ፋን ኮይል በአንድ ዋና ቱቦ ላይ ሲገናኙ ዒላማው የሚወርደው በኤር ሃንድለሮቹ ጥያቄ ሆኖ ወለሉ የፋን ኮይሎቹን ጫፍ በሚያጠግብ ቁጥር ላይ ይቀመጥ። ወለሉ ሲነሳ ቁጠባው ይቀንሳል፤ ይህን ተቀብሎ መሄድ እንጂ እንግዶችን በሙቀት ማሳደር አይገባም።

ዒላማውን የሚያወርደው ፕሮግራም

ዘዴው ተመርጦ ካለቀ በኋላ ፕሮግራሙ ቀላል ነው። በየአምስት ደቂቃው ጥያቄዎች ይቆጠራሉ፤ ቫልቩ ከ95 በመቶ በላይ የተከፈተ ኤር ሃንድለር አንድ ጥያቄ ይልካል፣ ከ85 በታች እስኪወርድም ጥያቄውን ይይዛል። ጥያቄ ከሌለ ዒላማው በጥቂቱ ይወርዳል፣ ካለ ፈጠን ብሎ ይወጣል። ቁጥሮቹ በኪሎ ፓስካል ናቸው፤ `DP_SP` ዒላማው፣ `DP_MIN` ወለሉ፣ `DP_MAX` ጣሪያው፣ `Ignore` ደግሞ ሳይሰሙ የሚታለፉ ጥያቄዎች ብዛት ነው፦

```
IF Requests <= Ignore THEN
    DP_SP := MAX(DP_SP - 2.0, DP_MIN);
ELSE
    DP_SP := MIN(DP_SP + MIN(3.0*(Requests - Ignore), 8.0), DP_MAX);
END_IF;
```

ከአምስት ደቂቃ አሳጥሮ ማስኬድ የተለመደ ስሕተት ነው። የቫልቩ የራሱ ቁጥጥር ለአዲሱ ግፊት ተስማምቶ ሳይረጋጋ ዒላማው ከተለወጠ ሁለቱ እየተከታተሉ ይዋልላሉ፤ በግራፉ ላይ ዒላማውም መክፈቻውም እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነው ይታያሉ።

`Ignore` ስንት ይሁን የሚለው ክርክር ያስነሳል። ስልሳ ቫልቭ ባለበት ሕንፃ አንድ የተበላሸ ሴንሰር ሥርዓቱን ሁሉ እንዳይገዛው ሁለት ጥያቄ መተው ልክ ነው። ስድስት ብቻ ባሉበት ግን ዜሮ መሆን አለበት እላለሁ፤ አንዱን መተው ማለት ከስድስት ደንበኞች አንዱን ሁልጊዜ አለመስማት ነው፣ የአዳራሹም ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነበር። ዘወትር የሚጠይቅ ኤር ሃንድለር ካለ በፕሮግራም ከማፈን ይልቅ ሄዶ ማየት ይሻላል፦ ፊልተሩ ተዘግቶ፣ ኮይሉ ቆሽሾ፣ ስትሬነሩ ሞልቶ፣ ወይም እንደዚህ ሆቴል ባላንሲንግ ቫልቩ ታንቆ ይገኛል።

ጣሪያውና ወለሉ ከየት ይመጣሉ

`DP_MAX` በመስመሩ ላይ ተለክቶ የሚገኝ ቁጥር ነው። ስትሬነሮቹ ከታጠቡ በኋላ ሁሉም ቫልቮች መቶ በመቶ እንዲከፈቱ ይታዘዛሉ፤ ቅርቦቹ በመነሻው ገደብ ላይ ይያዛሉ። ፓምፑ በእጅ ቀስ እያለ ይፈጥናል፤ በጣም ሩቅ በሆነው ኮይል ላይ የግፊት ብክነቱ የንድፉን 25 ኪሎ ፓስካል ሲደርስ ይቆማል፣ ያን ጊዜ ሴንሰሩ የሚያነበው ቁጥር ጣሪያው ነው። እዚያው ላይ የሴንሰሩን ንባብ በእጅ ከተያዘ ማኖሜትር ጋር ማስተያየት አይዘለል። ወደ ሴንሰሩ በሚሄደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ አየር ከተያዘ ወይም ከሁለቱ ትናንሽ ቫልቮች አንዱ ተዘግቶ ከቀረ ፓምፑ ሌት ተቀን በሐሰተኛ ቁጥር ይነዳል።

ወለሉ የሚወሰነው በፓምፑ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ፋን ኮይሎች ካሉም በእነሱ ፍላጎት ነው። በዚህ መስመር 25 አደረግነው። ሌሊት ስድስቱም 30 በመቶ ፍሰት ሲፈልጉ ቋሚው የ80 ዒላማ ፓምፑን በ93 ኪሎ ፓስካል ያሠራው ነበር፤ የተስተካከለው ዒላማ በ38 ገደማ ያሠራዋል። የውኃው ኃይል ከ0.8 ወደ 0.3 ኪሎ ዋት ይወርዳል ማለት ነው። በመቶኛ ሲነገር ትልቅ ነው፤ በኤሌክትሪክ ሂሳብ ላይ ግን ለዚህ መጠን ሕንፃ አንድ ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ለባለንብረቱ በእውነት መነገር ያለበት፣ ከፓምፑ ቁጠባ የሚበልጠው ጥቅም በቫልቮቹና በመመለሻው ውኃ ላይ መሆኑ ነው። ቫልቮች በ10 በመቶ መክፈቻ በከባድ ግፊት ላይ መሥራታቸው ሲቀር መዋለሉም የሚያፏጨው ድምፅም ይጠፋል፤ ማሾለክ ሲቀንስ ውኃው ሞቆ ይመለሳል፣ ሁለተኛ ቺለር ማስነሳትም ይዘገያል። ከዲስትሪክት ኩሊንግ ውኃ በሚገዙ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሕንፃዎች ደግሞ መመለሻው ቀዝቅዞ ሲመጣ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ ውሎች ስላሉ ይህ በቀጥታ ገንዘብ ነው።

ሥራው መሳካቱን ለማየት ለአንድ ሳምንት አራት ነገሮችን በአንድ ግራፍ ላይ መመዝገብ ይበቃል፦ ዒላማውን፣ የሴንሰሩን ንባብ፣ ከሁሉም የበለጠውን የቫልቭ መክፈቻና የመመለሻውን ሙቀት። ከፍተኛው መክፈቻ ከመነሻው ሰዓት በስተቀር ቀኑን ሙሉ ከ85 እስከ 95 በመቶ አካባቢ ከዋለ ዒላማው በትክክል እየወረደ ነው። ዒላማው ጣሪያው ላይ ተጣብቆ ከዋለ የትኛው ቫልቭ እንደሚጠይቅ ተለይቶ ወደ ቦታው ይኬዳል፤ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ሳለ ከፍተኛው መክፈቻ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ወለሉ ገና ብዙ የሚወርድበት ቦታ አለው፣ ወይም ቫልቮቹ ሲገዙ ከሚገባው በላይ ትልቅ ሆነው ተገዝተዋል።